ለኢሚግሬሽን ዋሽ የሚል ቀጣሪ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ሰንበቴና አጣዬ ባለው የይፋት ቆላ፣ ለወጣት ስለ ስደት አደጋ መንገር ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። መንገዱን ያውቀዋል። ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው አስፋልት ኮምቦልቻ ያደርሳል። ከዚያ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ ወደ ሳዑዲ ድንበር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ዳርቻ ስትገለበጥ፣ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህን ዜና በዚያ አካባቢ ያልሰማ ወጣት የለም። የሚሄደውም ሳያውቅ አይደለም፤ እያወቀ ነው።

ዛሬ ግን ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው በረሃውን እምቢ ያለው ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የተመለሰ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ኮምፒውተር የሚነካ፣ ሥራ ሲያጣ የቤተሰቡን ሽንኩርትና ማሾ እያገዘ የተቀመጠ ልጅ። ደላላ መጥቶ «በኦቦክ ላሻግርህ» ቢለው «ሞኝህን ፈልግ» ይለዋል። አሁን የሚመጣለት ግብዣ ግን ሌላ ነው። ፓስፖርት አለው፣ አውሮፕላን አለው፣ የሥራ ውል አለው፣ የቢሮ ወንበርና ኮምፒውተር አለው። በረሃ የለውም፣ ጀልባም የለውም። ጥንቃቄውን ራሱን ነው የሚጠቀሙበት።

የዚህ ግብዣ መድረሻ ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ለዓለም ግልጽ ሆነ። ዋንግ ሺንግ የሚባል ቻይናዊ ተዋናይ ለፊልም ሥራ ተጋብዞ ባንኮክ ደረሰና ጠፋ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይናማር ድንበር ላይ ፀጉሩን ተላጭቶ ተገኘ። የቻይና ሕዝብ ጮኸ። ጥር 28 ቀን የታይላንድ መንግሥት ድንበሩ ላይ ለሚገኙ አምስት ቦታዎች የሚሰጠውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት አቋረጠ። በሳምንቱ፣ የካቲት 5 ቀን፣ አንድ የካረን ታጣቂ ቡድን ከማጭበርበሪያ ግቢዎች ያወጣቸውን 260 ያህል ሰዎች ለታይላንድ ወታደሮች አስረከበ። ከ20 አገር የመጡ ናቸው ተባለ። ዝርዝሩ ሲታይ ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ሆነው ተገኙ።

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስደንግጧል። ማይናማር ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኛት? ኤምባሲ የለም፣ ንግድ የለም፣ ዘመድ የለም። ያገናኛቸው ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ የሥራ ማስታወቂያና አገር ቤት ያለ ደላላ ነው።

ግቢዎቹ የሚገኙት ምያዋዲ በሚባል አካባቢ፣ ታይላንድንና ማይናማርን በሚለየው በሞኢ ወንዝ ዳር ነው። በጣም የታወቀው ኬኬ ፓርክ ይባላል። ከሩቅ ሲታይ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ይመስል ነበር፤ አጥሩ ግን ውስጥ ያለው እንዳይወጣ የተሠራ ነበር። የገባ ሰው ፓስፖርቱን ይነጠቃል፤ ስልክና የሐሰት ፎቶ ይሰጠዋል። ሥራው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካለ የማያውቀው ሰው ጋር እንደ ሴት ወይም እንደ ሀብታም ነጋዴ ሆኖ መጻጻፍ፣ ፍቅር ማስያዝ፣ ከዚያም ሐሰተኛ የክሪፕቶ መዋዕለ ንዋይ ውስጥ ገንዘቡን እንዲያስገባ ማድረግ ነው። በቀን 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራል። የተመደበለትን ያላስገባ ይገረፋል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። እወጣለሁ ያለ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል፤ ከሌለው ለሌላ ግቢ ይሸጣል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በማይናማር ብቻ 120 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ከየካቲቱ ርክክብ በኋላም ነገሩ አልቆመም። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. የማይናማር ጦር ኬኬ ፓርክን ሲወር ከሺህ በላይ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ታይላንድ ሸሽቷል።

እንግዲህ ግብዣው ሲመጣ ምን ይመስላል? ከሚታወቁት ጉዳዮች የተውጣጣ አንድ ምሳሌ ወስዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ልጅ እንበል፤ 25 ዓመቱ ነው፣ በአካውንቲንግ ተመርቋል። ቴሌግራም ላይ ይህን ያነባል፦

«አስቸኳይ! ታይላንድ ባንኮክ። የደንበኞች አገልግሎትና ዳታ ኢንትሪ። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል/የምትችል። የሥራ ልምድ አያስፈልግም። ደመወዝ 1,200 ዶላር፣ ኮሚሽን ለብቻ። መኝታና ምግብ በድርጅቱ። ቦታው ውስን ስለሆነ ፈጥነው በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ማስታወቂያው ላይ የፊደል ስህተት የለም። አርማውም ያምራል። ሰው ሁሉ «ሐሰተኛ ማስታወቂያ በፊደል ግድፈቱ ይታወቃል» ይላል፤ ይህ ምክር ጊዜው አልፎበታል። መታየት ያለበት የጽሑፉ አጻጻፍ ሳይሆን የሒሳቡ አለመገጣጠም ነው። ባንኮክ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚጽፍ የታይላንድ ወይም የፊሊፒንስ ሰው ሞልቷል። ልምድ የሌለው ሰው ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን አስመጥቶ፣ አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ በላዩ 1,200 ዶላር የሚከፍል ድርጅት ምን ትርፍ ያገኛል? የድርጅቱ ስምም ማስታወቂያው ላይ የለም። እውነተኛ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጽፈው ስሙን ነው።

ልጁ ይጽፍላቸዋል። በማግስቱ በቪዲዮ ይጠሩታል። ቃለ መጠይቁ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ስለ አካውንቲንግ አንድም ጥያቄ አይነሳም። የሚጠየቀው በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚተይብ ነው፤ ይለካል። ከዚያ ዕድሜው፣ ማግባት አለማግባቱ፣ ጤናው። አንድ ቀጣሪ የተማርከውን ሳይጠይቅ የጣትህን ፍጥነትና ሚስት አለማግባትህን ብቻ ከጠየቀ፣ የሚፈልገው ቀኑን ሙሉ ቻት የሚያደርግና ቶሎ የሚፈልገው ሰው የሌለው እጅ ነው። በዚያው ቀን «አልፈሃል» ይባላል። ማኅተም ያለበት ውል በፒዲኤፍ ይመጣል።

እዚህ ላይ የገንዘብ ነገር ይነሳል። በአገራችን የተለመደው ማስጠንቀቂያ «ገንዘብ ከጠየቁህ ሌባ ናቸው» የሚል ነው፤ እውነትም ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ይከፍለዋል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የመሳሰለውን የራሱን ሰነድ ወጪ ነው፤ ያንንም ቢሆን አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም በደረሰኝ ይከፍላል እንጂ ለኤጀንሲ ሰው የግል ቴሌብር አይልክም። ስለዚህ «የፕሮሰስ»፣ «የቪዛ ማስያዣ»፣ «የቦታ መያዣ» ተብሎ በግለሰብ ስም የሚላክ ገንዘብ ሁሉ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ነገሩን እዚያው ላይ ያበቃዋል። አገር ውስጥ «ለመመዝገቢያ 300 ብር» እያሉ በባንክና በኤን.ጂ.ኦ. ስም የሚለቀቁትንም የሚለያቸው ይኸው ነው። እነሱ ብሩን ይዘው ይጠፋሉ፤ ቢያንስ ሰውየውን አይዙትም።

የታይላንዱ ግብዣ ግን ይህን ምክር ሊያልፈው ይችላል። አንዳንዱ ደላላ ከቤተሰብ ብዙ ብር ይቀበላል። ሌላው ግን ምንም አይጠይቅም፤ ትኬቱን ራሱ ቆርጦ ይልካል። «ገንዘብ አልጠየቁኝም፣ እንዲያውም ትኬት ላኩልኝ» የሚለው ልጅ ፈተናውን እንዳለፈ ይሰማዋል፤ አባቱም ልባቸው ያርፋል። ግቢው ሲገባ ግን ያ ትኬት ዕዳ ሆኖ ይቆየዋል፤ ከመኪናውና ከመኝታው ጋር ተደምሮ፣ «ከፍለህ ውጣ» ይባላል። ገንዘብ መጠየቅ የሌብነት ምልክት ነው፤ ገንዘብ አለመጠየቅ ግን የንጽሕና ማስረጃ አይደለም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ትኬቱ ደርሶታል። አሁን ከሁሉም ምልክት የሚበልጠው ይመጣል። ከመብረሩ ሁለት ቀን በፊት አስተባባሪ ነኝ ባዩ በድምፅ መልእክት እንዲህ ይለዋል፦ «ወንድሜ፣ ቦሌ ላይ ሲጠይቁህ ለጉብኝት ነው በል። ባንኮክም ሲጠይቁህ ለጉብኝት ነው በል። የሆቴል ቡኪንግና የመመለሻ ትኬት እልክልሃለሁ፣ እሱን አሳይ። ስለ ሥራ ምንም እንዳታነሳ። የሥራ ቪዛውን እዚህ ስትደርስ እንቀይርልሃለን።»

ብዙ ልጆች ይህን እንደ ብልጠት ነው የሚያዩት። በእኛ አገር ጉዳይ ለማስፈጸም ትንሽ ማሽሞንሞን የተለመደ ስለሆነ፣ «ኢሚግሬሽን ያስቸግራል» ሲባል ሁሉም ያምናል። ነገር ግን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉን፣ ማኅተሙንና ቃለ መጠይቁን ሁሉ ያፈርሳቸዋል። በታይላንድ ሕግ አንድ የውጭ አገር ሰው ሊሠራ የሚገባው ኖን-ኢሚግራንት ‹ቢ› በሚባለው ቪዛና በሥራ ፈቃድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያስጨርሰው ቀጣሪው ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ የሚሠራ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር ሕግ ተላላፊ ሆኗል። የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ነገ «ለፖሊስ እናገራለሁ» ሲል «ተናገር፣ መጀመሪያ የሚታሰረው አንተ ነህ» ይሉታል። እውነተኛ ድርጅት ሠራተኛዬ ነው ብሎ ፊት ለፊት የሚያስገባውን ሰው፣ ለመኮንን እንዲዋሽ የሚያሰለጥንበት ምክንያት የለውም። ቦሌ ላይ የሚጠይቀውን መኮንንም ልጁ እንደ እንቅፋት እንዲያየው ተደርጓል። በዚያች ሰዓት ግን ከአገር ሳይወጣ ሊያስቆመው የሚችለው የመጨረሻ ሰው እሱ ነው።

አንድ ምልክት ብቻ መያዝ የሚችል ሰው ይህን ይያዝ፦ ለኢሚግሬሽን ዋሽ የሚል ቀጣሪ ቀጣሪ አይደለም።

ይሁንና ይፋት ውስጥ ሰው ሥራን የሚያጣራው በቪዛ ዓይነት አይደለም፤ በሰው ነው። «እዚያ ማን አለ?» ነው ጥያቄው። የእገሌ ልጅ እዚያ ካለ፣ ደውሎ ደህና ነኝ ካለ፣ ፎቶ ከላከ፣ ነገሩ ተረጋግጧል። ይህ የማጣራት ዘዴ መጥፎ አይደለም፤ ለሳዑዲ መንገድ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የደላላው ዘመድ ይታወቃል፣ ልጁ ካልደረሰ ቤቱ ይኬዳል፣ ሽማግሌ ይላካል። የወረቀት ዋስትና በሌለበት የዝምድና ዋስትና ነበር።

የምያዋዲ ግቢዎች ይህን ዋስትና ነው የሰበሩት። ከተለቀቁ ሰዎች በተደጋጋሚ የተሰማ ነገር አለ፦ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው «ምትክ ካመጣህ ትለቀቃለህ» ይባላል፤ ወይም አዲስ ሰው ላስገባ ዕዳው ይቀነስለታል፣ ዱላው ይቀልለታል። ከዚያ ስልክ ተሰጥቶት፣ ጠባቂ አጠገቡ ቆሞ፣ ለአክስቱ ልጅ ይጽፋል። «ሥራው አሪፍ ነው፣ ና።» የድምፁ ባለቤት እውነተኛው የአክስት ልጅ ነው። ፎቶውም የራሱ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ። ሐሰት የሆነው የሚናገረው ብቻ ነው፤ እሱንም የሚናገረው ተገድዶ ነው። እናም ሸዋ ሮቢት ያለው ልጅ ማስታወቂያውን የተጠራጠረ ቢሆን እንኳ፣ የአክስቱ ልጅ ሲጽፍለት ጥርጣሬውን ይጥለዋል። ቤተሰቡም «ከወንድሙ ጋር ነው የሚሆነው» ብሎ ይመርቀዋል።

ስለዚህ «የማውቀው ሰው ነው የጠራኝ» ከእንግዲህ መልስ ሊሆን አይችልም። ዘመድን መጠርጠር ይከብዳል፤ ግን መጠርጠር ያለበት ዘመዱ ሳይሆን ዘመዱ ያለበት ሁኔታ ነው። ለመፈተን ብዙ አያስፈልግም። ነጻ የሆነ ሰው በፈለገው ሰዓት ይደውላል፣ የሚደወልለትን በቪዲዮ ያነሳል፣ ከቢሮው ወጥቶ መንገዱን፣ ሱቁን፣ የሰፈሩን ታክሲ ያሳያል፣ ቀጥታ የሚገኝበትን ቦታ በካርታ ይልካል። የተያዘ ሰው የሚጽፈው በተወሰነ ሰዓት ነው፤ ቪዲዮ ሲባል «ኔትወርክ የለም» ይላል፣ ወይም ሁልጊዜ ከአንድ ግድግዳ ፊት ነው የሚታየው። ወደ ጓሮ ወሬ ሲገባ፣ ስለ እናቱ ስለ ሰፈሩ ሲጠየቅ፣ ቶሎ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። የማይከፈተውን ነገር አጥብቆ መጎትጎት ግን እሱን ሊያስመታው ይችላል። «እሺ ላስብበት» ብሎ ዝም ማለትና ለቤተሰቡ መናገር ይሻላል።

ቤተሰብ የሚሄድ ሰው ካለው፣ ከመሄዱ በፊት አንድ ቃል መስማማት ይችላል። «የአባዬ በሬ ተሸጠ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ችግር ላይ ነኝ ማለቱ ነው፣ ብሎ መነጋገር። ጠባቂው አማርኛ የሚሰማ ቢሆን እንኳ ስለ በሬ መጠየቅ አያስመታም።

አሁን ሌላኛውን ጎን ማየት ያስፈልጋል። ባለሥልጣናት ስለዚህ ሲናገሩ «በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» ብለው ያበቃሉ። ሕጋዊው መንገድ አለ። በመደበኛው አሠራር መንግሥት ሠራተኛ የሚልከው የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ወዳላቸው አገሮች ነው፤ ሳዑዲ፣ ኳታርና ዮርዳኖስ ከእነዚህ ይገኙበታል፤ ታይላንድ ከነሱ ውስጥ የለችም። ሠራተኛው lmis.gov.et በሚባለው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት ላይ ይመዘገባል፣ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ሥልጠናና ምዘና ይወስዳል፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ይመደባል፣ ውሉም በመንግሥት በኩል ይጸድቃል። ይህ ሁሉ ሳይነካ በቴሌግራም ብቻ ያለቀ የውጭ ሥራ በሕግ ዓይን የለም። የኤጀንሲው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ለማረጋገጥ አዲስ አበባ መሄድ አይጠይቅም፤ የከተማው ወይም የወረዳው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ስሙን ይዞ የሄደን ሰው ማስተናገድ ሥራው ነው።

ነገር ግን ለዚያ የአካውንቲንግ ምሩቅ ይህ መንገድ ምን ያቀርብለታል? አብዛኛው ሕጋዊ ምደባ የቤት ሠራተኛ ነው፤ በአብዛኛው ለሴቶች። ለተመረቀ ወንድ የሚሆን ቦታ ጥቂት ነው፤ ለዓመታት ሳይጠራ የሚቀመጥም አለ። ስለዚህ «ሕጋዊውን መንገድ ተጠቀም» የሚለው ምክር ለእሱ በር አይደለም፤ የተዘጋ በር ማሳየት ነው። የሐሰት ግብዣው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። አካባቢው በ2013 የአጣዬን መቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱን፣ ከዚያም ወዲህ ያልበረደውን ግጭት ያየ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። እዚያ ተቀምጦ 1,200 ዶላር የሚል መልእክት የሚያነብን ልጅ «ስግብግብ» ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የሚገባው ስድብ ሳይሆን፣ መልእክቱን የሚፈትንበት መሣሪያ ነው።

ልጁ ምልክቶቹን ሁሉ አልፎ ባንኮክ ደረሰ እንበል። ገና አልመሸበትም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስሙን የያዘ ሹፌር ይቀበለዋል። ሹፌሩ እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ስልክ ላይ ያለ ሰው ነው የሚያዝዘው። «ሆቴሉ ቅርብ ነው» ተብሏል። መኪናው ግን አንድ ሰዓት ይነዳል፣ ሁለት ሰዓት ይነዳል፣ ከተማው ያልቃል። ከባንኮክ እስከ ድንበሯ ከተማ ሜ ሶት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ካለው መንገድ ከእጥፍ በላይ። ሥራው ባንኮክ ነው የተባለ ሰው ሦስተኛው ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ካለ፣ ሥራው ባንኮክ አይደለም። ስልኩ ላይ ካርታ ይክፈት፤ የመንገድ ምልክቶችንም ያንብብ፣ በእንግሊዝኛም ተጽፈዋል። «Tak» ወይም «Mae Sot» የሚል ካየ፣ የሚወሰደው ወደ ወንዙ ነው። መኪናው ለነዳጅ ወይም ለምግብ ይቆማል፤ ፍተሻ ኬላዎችም አሉ። ከወንዙ ማዶ የማያገኛቸው ሁለት ነገሮች እዚህ አሉ፦ የታይላንድ ፖሊስና የሰው ብዛት። የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ያነሳል። «በጎብኚ ቪዛ ገብቼ ሥራ ልጀምር ነው» ብሎ መናገር ያስፈራል፤ ወደ አገሩ ሊመልሱት ይችላሉ። ሻንጣውን ትቶ መውረድም ይቻላል። ወንዙን በትንሽ ጀልባ የሚያሻግሩት ብዙ ጊዜ በጨለማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ የለም፤ ያሉት ታጣቂዎች ናቸው።

ለዚህ ሲባል ከቤት ሲወጣ ሁለት ነገር ትቶ መሄድ ይገባዋል፦ የፓስፖርቱን ፎቶ ለእናቱ ወይም ለታላቁ፣ ከቀጣሪው ጋር የተጻጻፈውን ደግሞ በስክሪንሾት ለሚያምነው ጓደኛ። ቴሌግራም ላይ ያለ ንግግር ከወዲያኛው ወገን ሊጠፋ ይችላል። ቻናሉ ስሙን ይቀይራል፣ አካውንቱ ይሰረዛል። ስክሪንሾት ግን ይቀራል።

ልጁ እዚያው ከተያዘ፣ ለቤተሰብ የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ለገንዘብ ነው። በይፋት ቤተሰብ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው በሬውን፣ መሬቱን፣ የእናትን ጌጥ ነው። የሊቢያና የየመን አጋቾች ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ማንም ለልጁ ከፈለ ተብሎ አይወቀስም። ግን ከፍለው ያልተለቀቁ፣ ተከፍሎላቸው ለሌላ ግቢ የተሸጡ ሰዎች እንዳሉ አውቆ መወሰን ያስፈልጋል። ከመክፈል በፊትም ሆነ በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ የተደወለበትን ቁጥር፣ ገንዘቡ የተጠየቀበትን አካውንት፣ የፓስፖርቱን ፎቶ፣ የበረራውን ቀንና ትኬቱን አንድ ላይ አድርጎ ለፖሊስና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ አገልግሎት ማቅረብ ይገባል። አገር ቤት ያለው ደላላ ስሙ የሚታወቅ ከሆነ እሱም ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድ ወንጀል ነው፤ «ራሱ ፈልጎ ነው የሄደው» የሚለው ደላላ የሚያመልጥበት ክርክር አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ ይህን የማያደርገው በሐፍረት ነው። ልጁ በአውሮፕላን ሲሄድ ድግስ ተደግሷል፣ ጎረቤት መርቋል፤ አሁን «ተያዘብን» ማለት ይከብዳል። እና ዝም ይባላል። ያ የአክስት ልጅም መልእክቱን ለሌላው ሲልክ፣ ተቀባዩ ከዚያ ቤት ሄዶ «እውነት ሥራው ጥሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናትየው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው ይለኛል» ይሉታል።